ከቀኝ በኩል 32 ፒክስል

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 ስቴብል ዲፊዩዥን የተባለው ምስል ፈጣሪ ፕሮግራም ለማንም ሰው በነፃ ሲለቀቅ፣ አብሮት የወጣው የማስኬጃ ኮድ በሚሠራው ምስል ሁሉ ውስጥ አንዲት ቃል ይደብቅ ነበር። ቃሏ StableDiffusionV1 ናት። ምስሉን የቱንም ያህል አጉልተው ቢያዩት አያገኟትም። በብር ኖት ላይ ብርሃን ሲያርፍበት እንደሚታየው ምልክትም አይደለችም። የተደበቀችው በቀለሙ ቁጥሮች ውስጥ ነው፤ የምታነባትም ኮምፒውተር ብቻ ናት።

ዛሬ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከዚህ በጣም የረቀቁ የማይታዩ ዋተርማርኮች አሏቸው። አሠራራቸውን ግን አብዛኞቹ አይገልጹም። የስቴብል ዲፊዩዥን የመጀመሪያው ምልክት ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ከሥሩ ጀምሮ ሊታይ ይችላል። እንዴት እንደሚጻፍ፣ እንዴት እንደሚነበብና ምስሉ ሲቆረጥ ምን እንደሚደርስበት በወረቀትና በእርሳስ እንኳ ሊሰላ ይችላል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የማጠፋው እሱ ላይ ነው።

ምልክቱ እንዲህ ይጻፋል። ቃሏ 17 ሆሄያት አሏት። ኮምፒውተር እያንዳንዱን ሆሄ በ8 ዜሮና አንድ ስለሚጽፍ በጠቅላላው 136 ዜሮና አንድ ይሆናል። እነዚህን ቢት እንላቸዋለን። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ምስሉን ብርሃንና ቀለም ብሎ ይለያያል። ዓይናችን የብርሃንን ልዩነት ቶሎ ይይዛል፤ በቀለም ላይ ግን ሰነፍ ነው። ስለዚህ ብርሃኑ ሳይነካ ይቀመጥና ምልክቱ በአንደኛው የቀለም ሰንጠረዥ ላይ ብቻ ይጻፋል። ያ ሰንጠረዥ ቁመቱም ወርዱም 8 ፒክስል በሆነ ትንንሽ ካሬ ይከፋፈላል። የዚያን ጊዜው ስቴብል ዲፊዩዥን የሚሠራው የተለመደ ምስል 512 በ512 ፒክስል ነው። 512 ለ8 ሲካፈል 64 ስለሚሆን በአንድ ረድፍ 64 ካሬ፣ በ64 ረድፍ ደግሞ 4096 ካሬ ይገኛል።

እያንዳንዱ ካሬ አንድ ቢት ይሸከማል። ፕሮግራሙ ከላይ ከግራ ጥግ ተነሥቶ እንደ መጽሐፍ ንባብ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ረድፉ ሲያልቅ ወደ ታች ይወርዳል። 136ቱ ቢት ሲያልቁበት እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። በዚህ ዓይነት ቃሏ በሙሉ 30 ጊዜ ያህል ትደጋገማለች። መደጋገሟ ያለ ምክንያት አይደለም። ከ30ው ቅጂ ጥቂቱ ቢበላሽ የቀሩት ድምፅ ሰጥተው እንዲያሸንፉ ነው።

አንድ ካሬ ቢቱን የሚሸከመው በቀሪ ነው። ከካሬው የሚመረጠው ቁጥር 200 ነው እንበል። 200 ለ36 ሲካፈል 5 ጊዜ ይደርሳል፤ ይኸውም 180 ነው። መጻፍ ያለበት ቢት ዜሮ ከሆነ ፕሮግራሙ ቁጥሩን 189 ያደርገዋል፤ አንድ ከሆነ ደግሞ 207። አንባቢው በፋንታው ቁጥሩን ለ36 አካፍሎ ቀሪውን ያያል። ቀሪው ከ18 በታች ከሆነ ዜሮ፣ ከ18 በላይ ከሆነ አንድ ነው። ለ189 ቀሪው 9፣ ለ207 ቀሪው 27 ነው። ሁለቱም የተቀመጡት ከድንበሩ እኩል ርቀው ነው።

ዋናው የምልክቱ ጥንካሬም ድክመትም እዚህ ላይ ይገኛል። በምስሉ ላይ የሚደርስ ማንኛውም ነገር ያንን ቁጥር ከ9 ባነሰ ካነቃነቀው ቢቱ አይለወጥም። ምስሉ በጄፔግ ተጨምቆ 207 ወደ 212 ቢወጣ ቀሪው 32 ነው፤ አሁንም አንድ ተብሎ ይነበባል። ወደ 217 ከወጣ ግን ቀሪው 1 ይሆንና ያው ካሬ ዜሮ ብሎ ይመሰክራል። ከ36 ትልቅ ቁጥር ቢመረጥ ኖሮ ምልክቱ የበለጠ ይጠነክር ነበር፤ ነገር ግን ቀለሙ ተዥጎርጉሮ በዓይን መታየት ይጀምራል። አለመታየትና አለመጥፋት አንዱ ሲጨመር ሌላው የሚቀነስባቸው ነገሮች ናቸው። ይህን ሚዛን ያመለጠ ዋተርማርክ እስካሁን አላየሁም።

ንባቡ ራሱ ከባድ አይደለም። ፓይተን የሚያውቅ ሰው imwatermark የሚባለውን ክፍት ቤተ መጻሕፍት ጭኖ በዚህች ኮድ ይጨርሰዋል፦

```python
import cv2
from imwatermark import WatermarkDecoder

img = cv2.imread("photo.png")
reader = WatermarkDecoder("bytes", 136)
wm = reader.decode(img, "dwtDct")
print(wm.decode("utf-8", "replace"))
```

ምስሉ ካልተነካ ቃሏ አብዛኛውን ጊዜ ትወጣለች። ካልሆነ ትርጉም የለሽ ምልክቶች ይደረደራሉ። ልብ ማለት የሚገባው፣ ይህ ኮድ «ምልክት አላገኘሁም» የሚልበት መንገድ የለውም። በዓይናችሁ ፊት ያነሣችሁትን የቤተሰብ ፎቶ ብትሰጡት እንኳ ካሬዎቹን ቆጥሮ፣ ቀሪዎቹን አውጥቶ 136 ቢት ይሰጣል። ምልክት መኖሩን የሚወስነው ከዚያ በኋላ የሚደረገው ማመሳከር ነው። ማመሳከሩ ደግሞ ምን ያህል ጥብቅ ይሁን የሚለው ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። «S» የምትለው ሆሄ 01010011 ተብላ ትጻፋለች። የመጨረሻዋ ቢት ብቻ ብትገለበጥ «R» ትሆናለች። ከ136ቱ 135ቱ ትክክል ሆነው ሳለ RtableDiffusionV1 የሚል ቃል ይወጣል፤ ፊደል በፊደል የሚያመሳክር ፕሮግራም ደግሞ «ምልክቱ የለም» ብሎ ያልፈዋል።

አሁን ምስሉን እንቁረጠው። አንድ ሰው ከምስሉ ቀኝ ጠርዝ 32 ፒክስል ብቻ ቆረጠ እንበል። ከ512 ላይ 32 ማለት ከአሥራ ስድስት አንድ እጅ ነው፤ ምስሉን ያየ ሰው መቆረጡን ላያስተውል ይችላል። ከካሬዎቹ 3840 ያህሉ ሳይነኩ ቀርተዋል። እያንዳንዳቸው የያዙት ቢትም እንዳለ ነው። ቃሏ ግን አትነበብም።

ምክንያቱ ቆጠራው ነው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ በየረድፉ ተሰልፈው ከፊት ጀምሮ ቁጥር የሚጠሩ ተማሪዎችን አስቡ። ከእያንዳንዱ ረድፍ መጨረሻ አራት አራት ልጆች ቢወጡና ቁጥሩ እንደገና ቢጠራ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ልጆች የድሮ ቁጥራቸውን ይይዛሉ። የሁለተኛው ረድፍ ግን እያንዳንዱ ልጅ በአራት ያነሰ፣ የሦስተኛው በስምንት ያነሰ ቁጥር ይጠራል። ምስሉም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። በረድፍ 64 የነበረው ካሬ 60 ሆኗል። አንባቢው በየረድፉ አራት አራት ካሬ እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ለአንደኛው ቢት የሚገባው ድምፅ ለሌላው ቢት ይቆጠራል። ቆጠራው በየ136ቱ ስለሚዞር 35ኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ መንሸራተቱ ልክ 136 ይሞላና ለአንድ ረድፍ ብቻ ይገጥማል፤ ወዲያው ደግሞ ይስታል። ከ64 ረድፍ ትክክለኛውን ቢት በቦታው የሚያቀርቡት ሁለት ብቻ ናቸው። የቀሩት 62ቱ ያለ ቦታቸው ድምፅ ይሰጣሉ፤ ድምፅ ቆጠራውም ውዥንብር ይሆናል።

ያንኑ 32 ፒክስል ከቀኝ ሳይሆን ከታች እንቁረጥስ? ምንም አይሆንም። ረድፉ አሁንም 64 ካሬ ነው፤ አራት የመጨረሻ ረድፎች ቀሩ እንጂ የሌሎቹ ቁጥር አልተነካም። ቃሏ በ30 ቅጂ ፋንታ በ28 ቅጂ ትነበባለች። የምስሉን የታችኛውን ግማሽ እንኳ ብንጥለው 15 ቅጂ ይቀራል።

ከላይ ከቆረጥነው ደግሞ ከሁሉ የሚያስገርመው ነገር ይመጣል። ከላይ 32 ፒክስል ሲወጣ አራት ረድፍ፣ ማለትም 256 ካሬ ይጎድላል። ከ256 ላይ 136 ሲቀነስ 120 ነው። ስለዚህ አንባቢው የመጀመሪያው ቢት ብሎ የሚያነሣው በእውነቱ 120 ቢት ታልፎ የሚገኘውን ነው። 120 ለ8 ሲካፈል 15 ስለሆነ፣ 15 ሆሄያት ተዘለው ንባቡ ከ16ኛዋ ይጀምራል። መንሸራተቱ በሁሉም ረድፍ አንድ ዓይነት በመሆኑ ድምፁ አይበተንም። በስሌቱ መሠረት ከኮዱ የሚወጣው V1StableDiffusion ነው። ቃሏ ሙሉ ናት፤ ወገቧ ላይ ተቆርጣ መጨረሻዋ ወደ ፊት መጣ እንጂ አንድ ሆሄ አልጎደለባትም። ሰው ቢያያት ይስቃል። StableDiffusionV1 ከሚል ቃል ጋር ብቻ የሚያመሳክረው ፕሮግራም ግን «አልተገኘም» ይላል።

እነዚህ ሁሉ የተመረጡ ቁጥሮች ናቸው፤ 32 በ8 የሚካፈል በመሆኑ ካሬዎቹ ድንበራቸውን አልሳቱም። በስልክ ምስል የሚቆርጥ ሰው ግን ጣቱ ባረፈበት ነው የሚቆርጠው። ከላይ 3፣ ከግራ 21 ፒክስል ቢወጣ አንባቢው የሚያያቸው ካሬዎች ከድሮዎቹ አራት ካሬዎች ቁራሽ የተሰፉ ይሆናሉ። ከላይም ከግራም በዕድል ድንበሩ ላይ የማረፍ አጋጣሚው ከ64 አንድ ነው። ምስሉን ማሳነስም እንዲሁ ነው። 512 ወደ 400 ሲወርድ የድሮው 8 ፒክስል 6 ከሩብ ፒክስል ይሆናል፤ አንባቢው ግን አሁንም በ8 በ8 ይቆጥራል። ጥቂት ዲግሪ ማዘንበልም ሆነ የስልክ ስክሪንሹት ማንሣት ውጤታቸው ተመሳሳይ ነው፤ ስክሪንሹት ምስሉን በስክሪኑ ልክ አስተካክሎ እንደ አዲስ ስለሚስለው ከመቁረጥም ከማሳነስም ይደርሳል።

የቀለም ፊልተር የሚጎዳው በሌላ በኩል ነው። ቦታውን አያስስትም፤ ካሬው የያዘውን ቁጥር ራሱን ሊገፋው ይችላል። ቁጥሩ ከ9 በላይ ከተገፋ ቢቱ ይገለበጣል፤ ቀለምን ሞቅ የሚያደርግ ፊልተር ደግሞ ሥራው ቀለም መግፋት ነው። ነጭ ግድግዳ ወይም አንድ ወጥ ቀለም ያለው ፖስተር ገና ከመጀመሪያው ምልክቱን በደንብ አይዝም። ነጭ ላይ ቀለም ጨምሩ ሲባል ቁጥሩ ከ255 ማለፍ ስለማይችል እዚያው ይቆረጣል። የቤተ መጻሕፍቱ ባለቤቶችም ምልክቱ በእንዲህ ዓይነት ምስል ላይ እንደሚደክም በመግለጫቸው ጽፈውታል።

እንግዲህ ብዙ ሰው «መቁረጥ ምልክቱን ያጠፋዋል» ሲል በከፊል ብቻ ትክክል ነው። በብዙ ሁኔታ ምልክቱ ምስሉ ውስጥ አለ፤ ቦታው የጠፋበት አንባቢው ነው። የተሻለ አንባቢ፣ ማለትም የተለያዩ መነሻ ነጥቦችንና የረድፍ ርዝመቶችን እየቀያየረ የሚሞክር ፕሮግራም፣ ከቀኝ የተቆረጠውን ምስል መልሶ ሊያነበው ይችላል። በረድፍ 64 ካሬ ነበር ብሎ ከገመተ ነገሩ አለቀ። ችግሩ ሙከራ በበዛ ቁጥር በአጋጣሚ የመግጠም ዕድሉም አብሮ ማደጉ ነው።

ይህ አጋጣሚ የሚባለው ነገር አዳዲሶቹ ዘዴዎችም ዘንድ ዋናው ጥያቄ ነው። ሜታና የፈረንሳዩ ኢንሪያ ተመራማሪዎች በ2023 ስቴብል ሲግኔቸር የሚባል ዘዴ አቅርበዋል። ምልክቱ ምስሉ ካለቀ በኋላ የሚለጠፍ ሳይሆን ምስሉን በሚስለው የመጨረሻ ክፍል ውስጥ የሠለጠነ ነው። ይህን ያነሣሣቸው ነገር ቀላል ነው። በፊተኛው ዘዴ ኮዱን የያዘ ማንኛውም ሰው ምልክት የሚጽፈውን አንድ መስመር ቢሰርዝ ምስሉ ያለ ምልክት ይወጣል፤ መቁረጥም ማሳነስም አያስፈልገውም። አዲሱ ዘዴ 48 ቢት ይይዛል። አንባቢውም ካሬ የሚቆጥር ሳይሆን፣ ሲሠለጥን የተቆረጡ፣ የተጨመቁና ቀለማቸው የተነካ ምስሎችን እያየ ያደገ የነርቭ መረብ ነው። ተመራማሪዎቹ ከምስሉ አሥር በመቶ ብቻ ቆርጠው አስቀርተው ከአሥር ዘጠኝ በሚበልጠው ጊዜ ምንጩን መለየት መቻላቸውን ጽፈዋል።

ይህ አንባቢ «አለ» ወይም «የለም» የሚለው በመቁጠር ነው። ምልክት የሌለው ምስል ሲሰጠው ከ48ቱ ቢት ግማሹ፣ 24 ያህሉ፣ በዘፈቀደ ይገጥማሉ። 30 ቢገጥሙ አይደንቅም። 41 ወይም ከዚያ በላይ በዘፈቀደ የመግጠማቸው ዕድል ግን ከሦስት ሚሊዮን አንድ ያህል ነው። ስለዚህ 41 ላይ መስመር ቢሰመር ንጹሕ ምስል በስህተት የሚወነጀለው እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ ነው። አሁን ምልክት ያለውን ምስል ቁረጡት፣ ፊልተር ጨምሩበት፣ በጄፔግ ደጋግማችሁ አስቀምጡት። 48 የነበረው ግጥሚያ ወደ 45፣ ወደ 42፣ ወደ 39 ይወርዳል። 39 ላይ ያለው ምስል ከምልክት የራቀ አይደለም፤ በአጋጣሚ 39 መግጠም ራሱ ብርቅ ነው። ግን ከመስመሩ በታች ስለሆነ መልሱ «የለም» ነው። መስመሩን ወደ 36 ብናወርደው ይህ ምስል ይያዛል፤ በየቀኑ በሚሊዮን የሚቆጠር ፎቶ በሚያልፍበት ገጽ ላይ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ የእውነት ፎቶዎች አብረው ይወነጀላሉ። ይህን መስመር የሚያሰምረው ሒሳብ ብቻ አይደለም። ማንን መበደል ይሻላል የሚለው የኩባንያው ምርጫ ነው፤ ምርጫው ግን ለሕዝብ ሲነገር እምብዛም አይሰማም።

ከመቁረጥ የከፋም አለ። በ2023 የወጣ ጥናት የማይታዩ ምልክቶችን በሌላ ምስል ፈጣሪ ማጥፋት እንደሚቻል በሒሳብ ጭምር አሳይቷል። ምስሉ ላይ ጥቂት ጭጋግ ይጨመርና ሌላ ሞዴል ጠርጎ ዳግም እንዲስለው ይደረጋል። ውጤቱ ለዓይን ያው ምስል ነው፤ ቁጥሮቹ ግን አዲስ ናቸው። በጥቃቅን የቀለም ልዩነት የሚኖር ምልክት ይህን መቋቋም ይከብደዋል፤ መጀመሪያ ያልታየውም ያው ልዩነቱ ጥቃቅን ስለሆነ ነው።

ጉግል ዲፕማይንድ በኦገስት 2023 ያስተዋወቀው ሲንዝአይዲ ይህን የሚመክተው በከፊል በምስጢር ነው። አንባቢው ለማንም ክፍት ከሆነ፣ ምልክቱን ማጥፋት የሚፈልግ ሰው ምስሉን ትንሽ እየነካካ «አሁንስ አለ?» እያለ ይጠይቀዋል፤ «የለም» እስኪለው። ከተዘጋ ደግሞ ጋዜጠኛውም፣ ፖሊሱም፣ ተራው አንባቢም ማጣራት አይችሉም። ኩባንያው በሜይ 2025 ማጣሪያ ገጽ ሲያስተዋውቅም ቀድሞ በር የከፈተው ለተመረጡ ሞካሪዎች ነበር። ምስጢሩ ሌላም ጥቅም አለው። የስቴብል ዲፊዩዥንን ምልክት ማንበብ የቻለ ሁሉ መጻፍም ይችላል፤ ኮዱ ያው ክፍት ነውና። በእውነተኛ የሰልፍ ወይም የጎርፍ ፎቶ ላይ StableDiffusionV1 የሚል ቃል ደብቆ «ይኸው፣ በማሽን የተሠራ ነው» ማለት የደቂቃ ሥራ ነው።

እኛ ዘንድ ምስል አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰን በቴሌግራም ተቀባብሎ፣ ከፌስቡክ በስክሪንሹት ተነሥቶ፣ ጠርዙ ላይ የገጽ ስም ተለጥፎበት ነው። ማጣሪያ የሚሰጠው «አልተገኘም» የሚል መልስ በእንዲህ ዓይነት ቅጂ ላይ ክብደት የለውም። በመጀመሪያ መደረግ ያለበት ወደ ኋላ ተከታትሎ ቀደም ብሎ የተለጠፈውን፣ ትልቁንና ያልተቆረጠውን ቅጂ መፈለግ ነው። ባለቤቱ ከተገኘ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲልከው መጠየቅ፤ ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከውን ይጨምቀዋል፣ እንደ ፋይል የተላከውን ግን አይነካውም። ማጣሪያው የሚያነበው የራሱን ቤት ምልክት ብቻ መሆኑም አይረሳ። የሲንዝአይዲ አንባቢ የስቴብል ሲግኔቸርን ምልክት አያውቀውም፤ ይህችኛዋ የስድስት መስመር ኮድም ከ136ቱ ቢት በቀር ሌላ አታውቅም። ስለዚህ ውጤቱን የሚዘግብ ሰው «በኤአይ የተሠራ አይደለም» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ የትኛውን ምልክት፣ በየትኛው ቅጂ ላይ እንደፈለገ፣ ቅጂውም ስንት በስንት ፒክስል እንደነበረ ቢጽፍ፣ ቀጥሎ የሚያጣራው ሰው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።